የመጻፍ ፈቃድ የጠየቅሁበት ዓመት

በሕይወቴ ከልቤ ቂም የያዝኩበት ሰው አንድ ብቻ ነው። መሬት አልገፋኝም፣ ዘመዴን አልነካብኝም፣ እጁንም አላነሳብኝም። የበደለኝን ነገር ለሰው ስነግረው «ለዚህ ነው እንዴ?» ይለኛል። እኔ ግን ያን ክረምት ሙሉ ስሙን በሰማሁ ቁጥር ጥርሴን ነክሼ ነው የከረምኩት።

ያኔ ደብረ ማርቆስ ውስጥ በአንድ ተቋም የኮምፒውተር ክፍል በፕሮግራም ጸሐፊነት ተቀጥሬ ነበር። ቢሯችን ከቤተ መጻሕፍቱ ጀርባ ያለች፣ ዝናብ ሲመጣ ቆርቆሮዋ ሰው የማታነጋግር ክፍል ናት። ከበላዬ ያሉት ኃላፊያችን ጸጉራቸው ገብስማ የሆነ፣ ቀስ ብለው የሚናገሩ ሰው ነበሩ። አንድ ቀን ጠሩኝና «አዲስ አበባ ያሉት ሰዎች የተማሪ ምዝገባውን ፕሮግራም ለብዙ ተቋማት በጋራ እንደገና እያሠሩት ነው። ከእኛም አንድ ሰው ላኩ ብለዋል። አንቺን ሰጥቻቸዋለሁ» አሉኝ።

ደስ አለኝ። ያን ፕሮግራም በየዓመቱ በምዝገባ ሰሞን ስረግመው ነው የኖርኩት። ትልቁ ጣጣው ስም ነበር። በ«ፀሐይ» የተመዘገበችን ልጅ ጸሐፊዋ «ጸሀይ» ብላ ስትፈልጋት ፕሮግራሙ «የለችም» ይላል። ልጅቱ ከእነ አባቷ ስም በመስኮቱ ፊት ቆማ፣ ማሽኑ የለሽም ይላታል። ከዚያ እንደ አዲስ ይመዘግቧታል፤ በዓመቱ መጨረሻ አንዲት ልጅ ሁለት ሰው ሆና ትገኛለች። ሀሌታው ሀ፣ ሐመሩ ሐ፣ ብዙኀኑ ኀ፣ እሳቱ ሰ፣ ንጉሡ ሠ፤ እነዚህን እየለዩ መጻፍ አባቴ ደብረ ወርቅ ቅኔ ሲያስተምር ስሰማ ያደግሁበት ነገር ነው። ስለዚህ ጸሐፊው በየትኛውም ሆሄ ቢጽፈው ስሙን አግኝቶ የሚያመጣ ፍለጋ ልሠራ ቆረጥኩ። የተጻፈውን አይለውጥም፤ ልጅቱ በመረጠችው ሆሄ እንደተጻፈች ትኖራለች። ሲፈልጋት ብቻ ያገኛታል።

የፕሮግራሙ ኮድ የተቀመጠው አዲስ አበባ ባለ አንድ ሰርቨር ላይ ነው። የሁሉም ተቋም ሰዎች ከዚያ ማከማቻ ኮዱን ወደየኮምፒውተራቸው ያወርዳሉ፣ ይሠራሉ፣ የሠሩትን መልሰው ይልካሉ። መላኩን ፑሽ ማድረግ እንለዋለን። ከመላክ በፊት ደግሞ እያንዳንዱን ሥራ በየኮምፒውተራችን «ኮሚት» እናደርጋለን፤ ምን እንደተሠራ፣ ማን እንደሠራው፣ መቼ እንደሠራው አብሮት ይቀመጣል። ማከማቻውን የሚያስተዳድረው አንድ ሰው ነበር። ማን ማንበብ እንደሚችል፣ ማን መጻፍ እንደሚችል የሚወስነው እሱ ነው። ከእኔ በጥቂት ዓመት የሚበልጥ፣ ንግግሩ የተቃና ሰው ነው።

ስሜን መዘገበልኝና የይለፍ ቃል ላከልኝ። ኮዱን ያለ ችግር አወረድኩት። የፍለጋውን የመጀመሪያ ክፍል ጨርሼ፣ በራሴ ብራንች፣ ማለትም ከዋናው ኮድ ተለይቶ ለብቻዬ በምሠራበት ቅርንጫፍ ላይ አድርጌ፣ ፑሽ አልኩ። ሰርቨሩ መለሰው። ወደዚህ ፕሮጀክት ኮድ እንድትልኪ አልተፈቀደልሽም የሚል መስመር፣ ከሥሩ አራት መቶ ሦስት የሚል የስህተት ቁጥር።

መጀመሪያ የራሴን ጥፋት ነው የፈለግሁት። የይለፍ ቃሉን ተሳስቼ ይሆን ብዬ ሆን ብዬ የተሳሳተ ሞከርኩ፤ ያን ጊዜ ሌላ መልስ ሰጠኝ፣ ማንነትሽን ማረጋገጥ አልቻልኩም አለ። በትክክለኛው ስመለስ ደግሞ ያው አራት መቶ ሦስት። እንግዲህ ሰርቨሩ ማን እንደሆንኩ አውቋል ማለት ነው፤ አውቆ ነው የከለከለኝ። ዋናው ብራንች የተጠበቀ ስለሆነ ይሆናል ብዬም አሰብኩ። ግን የላክሁት በራሴ ብራንች ነው፤ ስሙን ቀይሬ ብሞክርም ያው ነው። የአባላትን ገጽ ከፈትኩ። ከስሜ ትይዩ የተሰጠኝ ደረጃ ተጽፏል፤ ኮዱን ማየትና ማውረድ የሚፈቅድ፣ መላክ የማይፈቅድ ደረጃ። የሌሎቹ ተቋማት ሰዎች ሁሉ «ገንቢ» ተብለው ከእኔ አንድ ደረጃ ከፍ ብለው ተቀምጠዋል። ኮዱን በራሴ ስም ገልብጬ ከዚያ የማስተካከያ ጥያቄ እንዳላቀርብም የራሴን ፕሮጀክት የመክፈት መብት አልነበረኝም።

ለአስተዳዳሪው አጭር መልእክት ጻፍኩ። «ጤና ይስጥልኝ፤ አዲሷ የደብረ ማርቆስ አባል ነኝ። ፑሽ ባደረግሁ ቁጥር የተከለከለ የሚል መልስ ይመጣል። የመጻፍ ፈቃድ ቢሰጡኝ» የሚል ነው። መልስ አልመጣም። ደወልኩ።

«አዎ፣ መልእክትሽን አይቼዋለሁ» አለኝ። «አዲስ ሰው ስለሆንሽ ነው። ለደህንነት ሲባል ትንሽ እንይ ብለን ነው። ለጊዜው የሠራሽውን በዚፕ አድርገሽ በኢሜይል ላኪልኝ፣ እኔ አይቼ አስገባዋለሁ።»

«እስከ መቼ ነው?»

«ለጊዜው ነው አልኩሽ እኮ።»

ምክንያቱ አላስከፋኝም። የማያውቁትን ሰው በር ከፍቶ ማስገባት አይገባም፤ እኔም በእሱ ቦታ ብሆን ጥቂት እጠብቅ ነበር። ፋይሎቹን ዚፕ አድርጌ ላክሁለት። የሚቀጥለውንም ላክሁ። ከዚያም የሚቀጥለውን። በየመካከሉ ፑሽ እሞክራለሁ፤ ያው መልስ ይመጣል። ሁለተኛ መልእክት ጻፍኩ፤ «እናያለን» የሚል አንድ ቃል መለሰልኝ።

ነገሩ የተገለጠልኝ አንድ ከሰዓት በኋላ ነው። አዲሱን ኮድ ሳወርድ ፍለጋዬ ዋናው ብራንች ላይ ገብቶ አገኘሁት። ደስ እያለኝ ማን ምን እንዳስገባ የሚያሳየውን የኮዱን ታሪክ ከፈትኩ። እያንዳንዱ መስመር ላይ የእሱ ስም ነው። አንድም ቦታ እኔ የለሁም። ከዚፑ አውጥቶ፣ ወደ ራሱ ኮምፒውተር ገልብጦ፣ በራሱ ስም ኮሚት አድርጎታል። ሌላ ሰው የሠራውን ሲያስገቡ የሠሪውን ስም መጻፍ የአንድ ትእዛዝ ነገር ነው። በኮዱ ውስጥ የጻፍኳቸው ማስታወሻዎች እንኳ እንዳሉ ናቸው፤ አንዷ ላይ «አባቴ እንዳለው ኀ እና ሐ አንድ አይደሉም፣ ለፍለጋ ብቻ ነው አንድ የምናደርጋቸው» ብዬ ነበር። እሷ ላይ «አባቴ እንዳለው» የምትለዋን ብቻ ቆርጦ አውጥቷታል።

ያቺ ነገር ናት ደሜን ያፈላችው። ሥራዬን መውሰዱ አንድ ነገር ነው። አባቴን መርጦ፣ አይቶ፣ ማውጣቱ ግን ሳያውቅ ያደረገው እንዳልሆነ ነገረኝ።

ከዚያ ወዲያ አንድ ስብሰባ ላይ የየተቋሙ ሰዎች በስልክ ተገናኝተን ሳለ የፍለጋው ነገር ተነሣ። ከሌላ ተቋም አንዱ «ይህን ፍለጋ የሠራው ሰው ተባርኳል፣ እኛ ጋ ድርብ ምዝገባ ቀረልን» አለ። አስተዳዳሪው «እየተረባረብን ነው» አለ። በዚያው አፉ ሁለተኛውን ክፍል፣ ቀን መቁጠሪያውን፣ ለአለቆቹ በቅርቡ እንደሚያሳያቸው ተናገረ። ቀን መቁጠሪያው እኔ ኮምፒውተር ላይ ነበር። የአገራችንን ቀን ከፈረንጁ እያገናኘ፣ ጳጉሜን ሳይዘነጋ የልጆቹን የልደት ቀን የሚያስተካክል ነው። እየሠራሁት እንደሆነ ነግሬው ነበር እንጂ ገና አልላክሁለትም።

ስልኩ እንደተዘጋ ቀን መቁጠሪያውን ከፍቼ ሥራዬን ቀጠልኩ።

በፍልሰታ ወደ አባቴ ሄድኩ። ከደብረ ወርቅ በላይ፣ ከቤታችን ደጃፍ፣ ተማሪዎቹ ቅኔ ሲቆጥሩ ከሚቀመጡበት ድንጋይ ላይ ተቀምጠን ነገርኩት። ኮምፒውተር አያውቅም፤ ነገሩን ግን ቶሎ ነው የያዘው።

«ማንበብ ተፈቅዶልሻል፣ መጻፍ አልተፈቀደልሽም ማለት ነው?»

«አዎ አባባ።»

«የጻፍሽውን ደግሞ እሱ የእኔ ነው ብሎ አነበበው።»

«አዎ።»

«በእኛ ቤት ቅኔ ይዘረፋል» አለ። «የሰው ቅኔ ግን አይሰረቅም። የሌላውን ቅኔ የራሴ ነው ብሎ የተናገረ ተማሪ እኔ ጉባኤ አይቀመጥም፤ አኮፋዳውን ይዞ ይሄዳል።»

«እንግዲህ ምን ላድርገው?»

«ይቅር በይው። ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት።»

«አሁን አኮፋዳውን ይዞ ይሄዳል አላልክም?»

«እሱ የጉባኤው ሥርዓት ነው። ይቅር ማለት የአንቺ ነው። ሁለቱን አታምታቺ።»

አላምታታሁም። ይቅር የማለቱን ነገር ለሌላ ጊዜ አቆየሁትና ሥርዓቱን ይዤ ወደ ደብረ ማርቆስ ተመለስኩ። በመንገድ ላይ በሚኒባሱ ወንበር ተጨናንቄ የማስበው ሁሉ እንዴት አድርጌ እንደማሳፍረው ነበር። ክፉ ክፉ ነገርም አሰብኩ። በቀን መቁጠሪያው ውስጥ ከእኔ በቀር ማንም የማያገኘው ስህተት ትቼ ልላክለትና በአለቆቹ ፊት ይሰበርበት አልኩ። ይህን ሐሳብ የተውኩት በደግነት አይደለም። ስህተቱ የሚመታው እሱን ሳይሆን በመስኮቱ ፊት የምትቆመዋን ልጅ ነው፤ እኔ ደግሞ የምፈልገው እሱን ነበር።

ቢሮ እንደገባሁ ሦስተኛውን መልእክት ጻፍኩ። የመጀመሪያ ረቂቄ ስድብ ነበር፤ አነበብኩትና አጠፋሁት። ስድብ ለእሱ መልካም ነው፤ «ባለጌ ናት» ብሎ ይገላገለኛል። የሚያስጨንቀው ትሕትና ነው። እንዲህ አልኩ፦

«ለማከማቻው አስተዳዳሪ። የምዝገባ ፕሮግራሙ አባል ከሆንኩ ወዲህ ፑሽ ባደረግሁ ቁጥር ሰርቨሩ ‹ወደዚህ ፕሮጀክት ኮድ እንድትልኪ አልተፈቀደልሽም፣ 403› የሚል መልስ ይሰጠኛል። ኮድ ማውረድ እችላለሁ። የይለፍ ቃሌ ትክክል መሆኑን አረጋግጫለሁ፤ ስህተት ባስገባ የሚመጣው መልስ ሌላ ነው። ክልከላው በዋናው ብራንች ጥበቃ ምክንያት አይደለም፤ በራሴ አዲስ ብራንች ላይም ይደርስብኛል። በአባላት ገጽ ላይ የተሰጠኝ ደረጃ የማንበብ ብቻ ሆኖ ይታያል። ስለዚህ ሌሎቹ የተቋማት አባላት ያላቸውን የገንቢ ደረጃ እንዲሰጡኝ በትሕትና እጠይቃለሁ። ከዚያ በላይ ሥልጣን አልጠይቅም፤ ወደ ዋናው ብራንች የሚገባውን እርስዎ እንደተለመደው ማየትና መወሰን ይችላሉ። የቀን መቁጠሪያው ሥራ ተጠናቆ በኮምፒውተሬ ላይ አለ። ፈቃዱ በተሰጠኝ ሰዓት ፑሽ አደርገዋለሁ። ከእንግዲህ ሥራ በዚፕ አልልክም፤ በዚያ መንገድ ሲገባ የሠሪው ስም ይጠፋል።»

የመጨረሻዋን ዐረፍተ ነገር ጽፌ ብዙ አየኋት። ከዚያ ግልባጩን ለኃላፊያችንና ለእሱ አለቃ አደረግሁና ላክሁት።

ስልኩ ወዲያው ነው የጮኸው።

«ለምን ለአለቃዬ ግልባጭ ታደርጊያለሽ?» አለኝ። «በሁለታችን የሚያልቅ ነገር ነበር።»

«በሁለታችን ሁለት ጊዜ ጽፌልዎታለሁ» አልኩት። ያኔ ገና እርስዎ ነበር የምለው።

«የቀን መቁጠሪያውን ላኪልኝና ስለ ፈቃዱ እንነጋገራለን።»

«ፈቃዱን ይስጡኝና የቀን መቁጠሪያው አሁኑኑ ይመጣል።»

«እንደዚህ አይነት ነገር አልወድም።»

«እኔም አልወድም።»

ዘጋው። ከሰዓት በኋላ ኃላፊያችን ወደ ጠረጴዛዬ መጡ። አዲስ አበባ ደውለውላቸዋል። «ሥራው የመንግሥት ነው፤ ስጪያቸው እንጂ» አሉኝ። ታሪኩን ከፍቼ አሳየኋቸው። በአንድ በኩል የእኔን ኮሚቶች፣ በሌላ በኩል ዋናው ብራንች ላይ ያሉትን የእሱን። መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉና እንደገና አዩ።

«ይሄ የአንቺ ነው?»

«አዎ።»

«ይሄም?»

«ሁሉም።»

«እሺ» አሉ። ወንበራቸው ላይ ተመልሰው ሲቀመጡ «በትክክለኛው መንገድ ስጪያቸው» አሉኝ። ከዚያ በኋላ ጉዳዩን ደግመው አላነሡብኝም፤ እኔንም አላጽናኑኝም።

እሱ ግን ምን አደረገ? የሰው ነገር ይገርመኛል። ፈቃዱን ለመስጠት ወንበሩ ላይ ሆኖ ከስሜ አጠገብ ያለውን ደረጃ መቀየርና ማስቀመጥ ብቻ ነበር የሚፈለግበት። እሱ አውቶቡስ ተሳፈረ። አባይን ወርዶ፣ አባይን ወጥቶ፣ በደጀን በኩል ደብረ ማርቆስ መጣ። ፊት ለፊት ካገኘኝ እምቢ የምለው አልመሰለውም።

ጠዋት ቢሯችን ገባ። ዝናብ አግኝቶታል፤ ጫማው ላይ ጭቃ አለ። የአባላት ገጹ ፎቶ ላይ እንደማውቀው አልነበረም፤ አጠር ያለና የደከመው ሰው ነው። ኃላፊያችንን ጎንበስ ብሎ ሰላም አለ፤ እኔንም። ከተቀመጠ በኋላ ከኪሱ ፍላሽ አወጣና ጠረጴዛዬ ላይ አኖረው።

«ይሄን ሁሉ መንገድ ነው የመጣሁት እንግዲህ» አለ እየሳቀ። «አታሳፍሪኝ። በዚህ ላይ አድርጊልኝ።»

ፍላሹን አልነካሁትም። ኮምፒውተሬን ወደ እሱ አዞርኩና በፊቱ ፑሽ አደረግሁ። ሁላችንም ጠበቅን። አራት መቶ ሦስት።

«ይኸው ነው» አልኩት። «ከገባሁ ጀምሮ ይኸው ነው የሚለኝ።»

«በእኔ መግቢያ ላኪው» አለ። «የይለፍ ቃሌን አስገባልሻለሁ።»

«በእርስዎ መግቢያ ለምን እልካለሁ? የራሴ አለኝ።»

ኃላፊያችን ከመቀመጫቸው ሳይነሡ «ደረጃዋን ቢቀይሩላት ምን ችግር አለው?» ብለው ጠየቁ። ድምፃቸው እንደ ሁልጊዜው ዝግ ያለ ነው። «የሌሎቹ ሁሉ እንደዚያ አይደል?»

«የደህንነት ጉዳይ ነው እኮ…»

«ይቺን ልጅ እኔ አውቃታለሁ። የመደብኳት እኔ ነኝ። ደህንነቱን በእኔ ያድርጉት።»

ላፕቶፑን አወጣ። ምን ምርጫ ነበረው? አለቃው ግልባጩን አንብበዋል፤ እሱ ደግሞ ቀን መቁጠሪያውን ሊያሳይ ቃል ገብቷል፤ ባዶ እጁን አይመለስም። የአባላትን ገጽ ከፍቶ ስሜን ፈለገ። ደረጃዬን ከማንበብ ወደ ገንቢ ቀየረ። አስቀመጠ። ጊዜ አልፈጀበትም።

«ይኸው» አለኝ። «ደስ አለሽ?»

ያላወቀው አንድ ነገር ነበር። የምልከው ቀን መቁጠሪያውን ብቻ መስሎታል። እኔ ግን ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ እያንዳንዷን ሥራ በኮምፒውተሬ ላይ ኮሚት እያደረግሁ ነው የከረምኩት። ሰርቨሩ የመለሰው ፑሹን እንጂ ኮሚቶቹን አልነበረም። ፍለጋው ከመጀመሪያዋ መስመር ጀምሮ፣ ማስታወሻዎቹ ሁሉ፣ «አባቴ እንዳለው» የምትለዋም፣ በስሜና በየዕለቱ ቀን ተሰልፈው ብራንቼ ላይ በር እስኪከፈት ይጠብቁ ነበር። ደግሞም ሌላ ነገር አለ። ሰውየው በማከማቻው ላይ አንድ ደንብ አበጅቷል፤ ፑሽ በተደረገ ቁጥር የኮሚቶቹ ዝርዝር፣ ከእነ ሠሪው ስምና ቀኑ፣ ለሁሉም ተቋም ሰዎችና ለአለቆቹ በኢሜይል ይደርሳል። ሥራውን ሁሉም እንዲያይለት ያበጀው ነው።

ፑሽ አደረግሁ። ሄደ። ቁጥሩ አልመጣም።

ወዲያው የእሱ ስልክ ነዘረ። የኃላፊያችንም። እሱ ስልኩን አውጥቶ ማንበብ ጀመረ፤ በአውራ ጣቱ ወደ ታች ይስባል፣ ይስባል። ፊቱን ነበር የማየው። ያን ክረምት ሙሉ ላየው የፈለግሁት ፊት ነው፤ ዓይኔን አልነቀልኩም። መጀመሪያ አልገባውም። ከዚያ ቀኖቹን አየ። ከዚያ ጆሮው ቀላ።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«ሥራዬ ነው።»

«ፍለጋው እኮ ገብቷል። ለምን ደግመሽ ትልኪያለሽ?»

«እኔ ገና አሁን ነው የላክሁት።»

ድምፁን ቀነስ አድርጎ «ኮሚት ላይ ያለ ቀን ማንም ሊቀይረው ይችላል» አለ።

እውነቱን ነው፤ ይቻላል። ተዘጋጅቼበት ነበር። «ይቻላል» አልኩት። «ዚፖቹን የላክሁባቸው ኢሜይሎች ግን እርስዎ ሳጥን ውስጥ ናቸው። የእነሱን ቀን እኔ አልቀይረውም። ከፈለጉ አሁን አንድ ላይ ከፍተን እናስተያያቸው።»

አልፈለገም። ኃላፊያችን መስኮቱን ያዩ ነበር።

ወዲያው ያ «የሠራው ሰው ተባርኳል» ያለው የሌላው ተቋም ሰው ለሁሉም መለሰ፤ «ፍለጋው ያንቺ ነበር እንዴ? አናውቅም ነበር። እናመሰግናለን» ይላል። ሌላዋ ደግሞ በቀጥታ ወደ እኔ ስለ ፍለጋው ጥያቄ ላከች። የእሱ አለቃ ለእሱ ብቻ የጻፉለት ነገር ነበር መሰለኝ፤ ስልኩን አንብቦ ኪሱ ከተተና ለጥቂት ጊዜ እጁን እዚያው ኪሱ ውስጥ እንዳደረገ ቀረ።

የሚመለስበት አውቶቡስ በማግስቱ ማለዳ ነው። ኃላፊያችን እንግዳ ሳይበላ አይሄድም ብለው ሦስታችንም ምሳ ወጣን። ረቡዕ ነበር፤ የጾም በያይነቱ አዘዝን። መሐል ላይ ኃላፊያችን ስልክ ሊያነጋግሩ ወደ ውጭ ወጡና ሁለታችን ቀረን። እሱ አንድ ጉርሻ አንሥቶ የትሪው ጠርዝ ላይ ያዞራል። እኔ ሳልበላ የከረምኩ ይመስል እበላ ነበር። እንደዚያ ቀን ሽሮ የጣፈጠኝ ጊዜ ትዝ አይለኝም።

«ይሄን ያህል ጠልተሽኝ ነበር?» አለኝ።

«አዎ» አልኩት።

እንዲህ በአጭሩ የምመልስለት አልመሰለውም። «አንድ ቃል ብትነግሪኝ ስምሽን አስገባው ነበር። ቸኩዬ ነው። ሆን ብዬ አይደለም።»

«አባቴን ግን ቆርጠህ አወጣህ» አልኩት። ከእርስዎ ወደ አንተ የወረድኩት በዚያች ቃል ነው። ሰማት፤ ዓይኑን ከትሪው ላይ አነሣ። «ኮዱን ገልብጠህ ሳታነበው ብታስገባው ቸኩሎ ነው እል ነበር። አንተ ግን አንብበሃል። ‹አባቴ እንዳለው› የምትለዋን መርጠህ አውጥተሃታል።»

«ኮድ ውስጥ እንደዚያ አይጻፍም ብዬ ነው።»

«የሌላ ሰው ሥራ ላይስ ስም ይጻፋል?»

ኃላፊያችን ተመልሰው ገቡና ስለ መንገዱ፣ ስለ ደጀን ጭጋግ አወሩ። እሱም ስለ መንገዱ አወራ። ሲወጣ በባጃጅ እስከ ሆቴሉ የሸኙት እሳቸው ናቸው፤ እኔ ሥራ አለኝ ብዬ ቢሮ ተመለስኩ። ሥራ አልነበረኝም። የተላከውን የኮሚት ዝርዝር ከላይ እስከ ታች እያነበብኩ ተቀመጥኩ።

ከሥራ የተባረረ እንዳይመስላችሁ። ማንም አልቀጣውም። ለአለቃው «የማስተባበር ችግር ነበር» የሚል ነገር ጻፈ አሉ፤ ተቀበሉት። ብራንቼ ግን ከዋናው ጋር ሲዋሐድ ኮሚቶቼ ሁሉ ከእነ ስሜ ገቡ፤ ያችን ማስታወሻም እንደነበረች መለስኳት። ከዚያ ወዲህ ስለ ፍለጋው የጠየቀ ሁሉ ወደ ደብረ ማርቆስ ነው የሚደውለው። በስልክ ስብሰባ ላይ የእሱ ድምፅ እያጠረ ሄደ። እኔ ስናገር እሱ ዝም ይላል፤ እኔም ዝም ሲል ንግግሬን አስረዝመዋለሁ። የማያስፈልግ ነገር ሁሉ አብራራለሁ። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም ይላሉ፤ እሱም እንዳይረሳ ነበር ፍላጎቴ።

አባቴ በጥቅምት ደብረ ማርቆስ ለሕክምና ሲመጣ «ያ ሰው እንዴት ሆነ?» ብሎ ጠየቀኝ። ነገርኩት። ሲስቅ ጥርሱን በነጠላው ሸፈነ፤ ከዚያ ሳቁን ዋጥ አደረገና «ይቅር አልሽው?» አለ።

«ገና ነው።»

«እየቆየ ይከብዳል።»

«እየከበደ እንዳለ አውቃለሁ አባባ» አልኩት። እውነትም አውቅ ነበር። ግን ልጥለው አልፈለግሁም፤ የሚሞቅ ነገር ነበር፤ በዚያ ብርድ።

ሰውየው ከጊዜ በኋላ ወደ አንድ የግል ድርጅት ሄደ። የማከማቻውን አስተዳደር ለየተቋሙ ሰዎች ሲያከፋፍሉ አንዱ ድርሻ ለእኔ ደረሰኝ። የአባላትን ገጽ ስከፍት ስሙ አሁንም ከላይ፣ ከእነ ሙሉ ሥልጣኑ ተቀምጧል። ከሥራ የለቀቀን ሰው መግቢያ መዝጋት ደንብ ነው፤ ሌላውን ድርሻ የያዘው አዲስ አበባ ያለ ልጅ «እኔ ከሰዓት እዘጋዋለሁ» ብሎ ጽፎልኝ ነበር። እስከ ከሰዓት አልጠበቅሁትም። ራሴ ዘጋሁት። ደንብ ባይሆንም እዘጋው ነበር።